ካርታውን ራስዎ ያንብቡት፦ በድሬዳዋ ቤት ሲገዙ ስም፣ ወሰንና ሁለት ጊዜ የመሸጥ ምልክት እንዴት ይታያል?

በየሳምንቱ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ደላላው በስልክ የላከው የካርታ ፎቶ ይያያዝና ከሥሩ «ይሄ ካርታ ትክክለኛ ነው?» ተብሎ ይጻፋል። ከፎቶ ላይ ማኅተም እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ደግሞም ሁለት ጊዜ የሚሸጠው ቤት ብዙውን ጊዜ ካርታው ሐሰተኛ አይደለም። ወረቀቱ እውነተኛ፣ ሻጩም እውነተኛ ባለቤት ሆኖ ቤቱ ግን ቀድሞ ለሌላ ሰው ተሸጧል። ስለዚህ ማኅተሙ ላይ ከማፍጠጥ ይልቅ ሰነዶቹን እርስ በርስ ማስተያየት ይሻላል። ስሙ ከመታወቂያው፣ ቁጥሩ ከሜትሩ፣ ቀኑ ከቀኑ ጋር ይነጻጸራል።

ከዚህ በታች ያለው በድሬዳዋ ከተማ 200 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ፣ በሊዝ የተያዘ መኖሪያ ቤት ለሚገዛ ሰው ነው። በምሳሌው ያሉት ቁጥሮችና ቀኖች ለማስረዳት የተሰጡ ናቸው።

የሚያስፈልግዎት

- የካርታው ኮፒ፣ ፊቱም ጀርባውም። ጀርባው ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ጊዜ ስላለ ፊቱን ብቻ ኮፒ አድርጎ የሚሰጥዎትን ጀርባውንም ይጠይቁት።
- የሊዝ ውሉ ኮፒ፣ ሁሉም ገጽ
- የሊዝ ክፍያና የግብር ደረሰኞች፣ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት
- የሻጩ መታወቂያ፤ ሻጩ ተወካይ ከሆነ ውክልናውና የወካዩም መታወቂያ
- 50 ሜትር የሚረዝም ሜትር (30 ሜትሩም ይሠራል) እና ጫፉን የሚይዝልዎት ሰው
- ካልኩሌተር ያለው ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ

1. በመጀመሪያ በእጅዎ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ይለዩ

የሊዝ ውልና ካርታ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው። የሊዝ ውሉ በመንግሥትና በባለይዞታው መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። የካሬ ዋጋውን፣ ቅድመ ክፍያውን፣ በየዓመቱ የሚከፈለውን፣ የሊዝ ዘመኑን (ለመኖሪያ 99 ዓመት) እና ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ጊዜ ይይዛል። ካርታው ደግሞ ይዞታው የማን እንደሆነና የት እንደሚያርፍ የሚያሳየው ማረጋገጫ ነው። ሁለቱ ላይ ያለው ስም፣ የቦታ ስፋትና የቦታ አገልግሎት አንድ መሆን አለበት። ውሉ 200 ብሎ ካርታው 250 ካለ፣ ወይም ውሉ «ለመኖሪያ» ብሎ ቤቱ በሱቅነት ከቀረበልዎ፣ ለልዩነቱ በፋይሉ ውስጥ ደብዳቤ መኖር አለበት። ደብዳቤው ከሌለ የሚጸናልዎት ትንሹ ነው ብለው ያስቡ።

መሬት በኢትዮጵያ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጠው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው። «መሬቴን ሸጬልሃለሁ» የሚል ውል ከመነሻው አይቆምም። ባዶ ቦታን ወይም ጅምር ግንባታን «ቤት» ብለው ውል እንዲፈርሙ ከተጠየቁ ያቁሙ። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ሳይጋመስ የሊዝ መብት የሚተላለፍበት ሥርዓት ከቤት ሽያጭ የተለየ ነው። ከተማው ዳር ያለ፣ ከገበሬ በእጅ ውል የተገዛ ቦታ ጭራሹን በዚህ መመሪያ አይነበብም፤ የሚነበብ ካርታ የለውምና።

2. ስሞቹን ፊደል በፊደል ያንብቡ

ካርታው ላይ ያለውን ስም ከነአባትና ከነአያቱ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከሥሩ የመታወቂያውን፣ ከዚያ የሊዝ ውሉን፣ ከዚያ የደረሰኞቹን ስም እንዳለ ይገልብጡ። በዓይን ብቻ ሲያዩት አእምሮዎ ልዩነቱን ያርመዋል፤ ሲገለብጡት ግን ይታይዎታል።

ድሬዳዋ ላይ አንድ ስም በአማርኛ ፊደል በሦስት መልክ መጻፉ የተለመደ ነው፤ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ማህመድ። ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ነገር ግን ስም ዝውውር ላይ ያስቆምዎታል፣ ስለዚህ ሻጩ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል ማረጋገጫ ከመፈራረማችሁ በፊት ያምጣ። የአያት ስም ሲለያይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአጎት ልጆች የራሳቸውም የአባታቸውም ስም ሊገጥም ይችላል፤ የሚለያቸው አያት ነው። እንዲህ ከሆነ የካርታውን ፎቶግራፍ፣ የልደት ዘመንና የእናት ስም ይመልከቱ።

ቀጥሎ የትዳር ሁኔታ ነው። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፤ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሻጩ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ካመጣ ቀኑን ይዩ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ከሆነ ስለ ዛሬው ምንም አይልም። በሸሪዓም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ጋብቻ ነውና፣ ማዘጋጃ ቤት አልተመዘገበም ማለት ባል ወይም ሚስት የለም ማለት አይደለም። ጎረቤት መጠየቅ እዚህ ላይ ከወረቀት ይበልጣል። ቤቱ የውርስ ከሆነ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ የተዘረዘሩት ሁሉ መፈረም አለባቸው፤ «እህቴ ጅቡቲ ናት፣ ችግር የለም» የሚባለው ችግሩ ራሱ ነው።

ሻጩ በውክልና ከመጣ ሦስት ነገር ያንብቡ። ውክልናው «ይህን ቤት እንዲሸጥ» ብሎ በግልጽ መስጠት አለበት፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። ሁለተኛ፣ «የሽያጩን ዋጋ እንዲቀበል» ይላል? ካላለ ገንዘቡን ለተወካዩ አይስጡ። ሦስተኛ፣ ውክልናው የተሰጠበትን ቀንና ቁጥር ይዘው ሰነዱን ወዳረጋገጠው መሥሪያ ቤት ሄደው እንዳልተሻረ ይጠይቁ። ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል፤ ስለዚህ ወካዩን ፊቱን እያዩ በስልክ ያነጋግሩት። በውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ያለፈና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ መሆን አለበት።

3. የወሰን ቁጥሮቹን ወደ ሜትር ይለውጡ

ብዙ ሰው ካርታው ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ የቁጥሩን ሠንጠረዥ ያልፈዋል። ወሰኑን የሚይዘው ግን ሠንጠረዡ ነው። በየማዕዘኑ ሁለት ቁጥር አለ፤ X ወደ ምሥራቅ፣ Y ወደ ሰሜን ያለው ርቀት በሜትር ነው። ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ X ስድስት አሃዝ ሆኖ በ81 አካባቢ፣ Y ሰባት አሃዝ ሆኖ በ106 አካባቢ ይጀምራል። ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ካዩ ወይ በስሕተት ተገልብጧል ወይ የሌላ ከተማ ነው።

ምሳሌያችን አራት ማዕዘን አለው፦

```
ነጥብ     X            Y
1     813400.00   1062500.00
2     813408.00   1062506.00
3     813396.00   1062522.00
4     813388.00   1062516.00
```

የአንዱን ጎን ርዝመት ለማግኘት የሁለቱን ነጥቦች የX ልዩነትና የY ልዩነት ይውሰዱ፤ እያንዳንዱን በራሱ ያባዙ፤ ይደምሩ፤ ከድምሩ ስኩዌር ሩት ያውጡ።

```
ከ1 እስከ 2:  √(8² + 6²)   = 10.00 ሜትር
ከ2 እስከ 3:  √(12² + 16²) = 20.00 ሜትር
ከ1 እስከ 3:  √(4² + 22²)  = 22.36 ሜትር
```

የመንገድ ፊቱ (ከ1 እስከ 2) 10፣ ጥልቀቱ 20፣ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። የመጨረሻው መሥመር ከጥግ ወደ ጥግ ያለው ሰያፍ ነው፤ ለምን እንዳስፈለገ ቀጥሎ ይታያል።

አሁን ሜትሩን ይዘው ይሂዱ። ከመንገዱ ፊት ይጀምሩ፣ ምክንያቱም ትርፍ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያና በጎን አጥር ላይ ነው። ሲለኩ ግድግዳውን አይርሱ። 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የብሎኬት አጥር ሙሉ በሙሉ በሻጩ ይዞታ ውስጥ ከተሠራ፣ ከውስጥ ወደ ውስጥ ሲለካ 9.60 እንጂ 10 አይመጣም። ይህ ጉድለት አይደለም። ከውስጥ ሲለካ 12.10 ከመጣ ግን ከውጭ 12.50 ነው ማለት ነውና፣ አጥሩ ከካርታው በ2.50 ሜትር ሰፍቷል። ደላላው «250 ካሬ» የሚልዎት ይህን ይዞ ነው። ካርታው 200 ስለሚል 50ው ወይ የመንገድ ነው ወይ የጎረቤት፤ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

ግቢው ውስጥ ቤቱ ካልከለከለዎት ሁለቱንም ሰያፎች ይለኩ። አራቱ ጎኖች 10፣ 20፣ 10፣ 20 ሆነው ግቢው ሊያጋድል ይችላል። አንደኛው ሰያፍ 23.00፣ ሌላው 21.70 ከሆነ ስፋቱ አሁንም 200 ገደማ ነው፤ የኋላው አጥር ግን ወደ ጎን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተንሸራቶ ጎረቤት ውስጥ ገብቷል። ጎኖቹን ብቻ የለካ ሰው ይህን አያየውም።

የስልክዎን ጂፒኤስ ለዚህ አይጠቀሙ። ስልክ በራሱ ጥቂት ሜትሮች ይስታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን ስልኩ በሌላ የልኬት መነሻ መሥራቱ ነው፤ በሁለቱ መካከል ወደ 200 ሜትር የሚደርስ ፈቀቅታ አለ። ቁጥሩን ስልክ ላይ አስገብተው ነጥቡ ሌላ ሰው ግቢ ላይ ቢያርፍ ካርታው ሐሰተኛ ነው ብለው አይጩኹ። የስልኩ ኮምፓስም ቆርቆሮ በር አጠገብ ይስታል፤ ሰሜኑን ለማየት ከበሩ ራቅ ይበሉ።

4. ከጎረቤት ካርታ ጋር ያስተያዩ

ሁለት ጎረቤታሞች የሚጋሩት ጎን ሁለት ማዕዘን አለው፣ እነዚያ ሁለት ማዕዘኖች በሁለቱም ካርታ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ጎረቤቱን ሰላም ብለው፣ «ቤቱን ልገዛ ነው፣ ወሰናችንን አብረን እንይ» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛው ሰው ለራሱም ስለሚጠቅመው ያሳያል።

በምሳሌያችን በ2–3 ጎን ያለው ጎረቤት ካርታ ማዕዘኑን 813406.00 እና 1062504.50 ብሎ ይዞታል እንበል። የእኛ ነጥብ 2 ደግሞ 813408.00 እና 1062506.00 ነው። ልዩነቱ 2 እና 1.5፣ ርቀቱ 2.50 ሜትር። ቁጥሩ ወደ እኛ ነጥብ 1 የሚጠጋ ስለሆነ የጎረቤቱ ካርታ በእኛ ውስጥ ይጀምራል፤ በሌላው ጥግም እንዲሁ ከሆነ 2.50 በ20፣ ማለትም 50 ካሬ ሜትር በሁለት ካርታ ላይ አለ። ይህን በሽማግሌ አይጨርሱት። የሁለቱን ካርታ ኮፒ ይዞ ሻጩ ራሱ ለመሬት ቢሮው ያመልክትና ቀያሽ ወጥቶ ይለካ፤ ውጤቱ እስኪጻፍ ድረስ ቀብድም አይክፈሉ።

አንደኛው ጎን ደረቅ ወንዝ ወይም ጎርፍ መውረጃ ከሆነ ካርታው ላይ ያለው ጥግ ዛሬም መሬት ላይ መኖሩን ይዩ። በደቻቱ ዳር ያለ ግቢ በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ጥጉ አሸዋ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

5. ቀኖቹን በአንድ መሥመር ያሰልፉ

ሁለት ጊዜ መሸጥ በአንድ ሰነድ ላይ አይታይም። የሚታየው ሰነዶቹ በቀናቸው ሲሰለፉ ነው። ከእጅዎ ያለውን ሁሉ እንዲህ ይጻፉት፦

- ሰኔ 2007፦ የሊዝ ውል፣ በባለይዞታዋ ስም
- ጥቅምት 2008፦ ካርታ
- 2008–2014፦ ደረሰኞች፣ በራሷ ስም
- ኅዳር 2015፦ ለወንድሟ የመሸጥ ውክልና
- 2015 እና 2016፦ ደረሰኞች፣ በእሷ ስም ሆነው «በ… በኩል» ተብሎ የሌላ ሰው ስም የሰፈረባቸው
- ሚያዝያ 2016፦ «በጠፋ ምትክ» የተሰጠ ካርታ
- ሐምሌ 2016፦ ለእርስዎ የቀረበው ሽያጭ

እያንዳንዱ ለብቻው ንጹሕ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ካርታ ይጠፋል፤ ግብር በዘመድ እጅ ይከፈላል። አብረው ሲነበቡ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። ውክልናው በተሰጠበት ዓመት አንድ የማይታወቅ ሰው ግብር መክፈል ጀመረ። የራሱ ያልሆነን ቤት ግብር ማን ይከፍላል? በእጅ ውል የገዛ፣ ስም ያላዞረ፣ ዋናው ካርታ በኪሱ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። «ጠፋ» የተባለው ካርታ እሱ ጋ ያለው ከሆነ፣ ምትኩ የወጣው ለእርስዎ ለመሸጥ ነው።

ስለዚህ ሻጩን ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «ደረሰኙ ላይ ያለው ሰው ማነው?» እና «ካርታው የት፣ መቼ ጠፋ? የፖሊስ ማስረጃው የት አለ?» ከዚያ ደረሰኙ ላይ ያለውን ሰው ራስዎ ፈልገው ያነጋግሩ። ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ ደግሞ ኪራዩን ለማን እንደሚከፍልና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁት። ሻጩ በሌለበት ይሁን። ተከራይ የሚከፍለው ለሌላ ሰው ከሆነ መልሱን አገኙ።

ሌላው ምልክት «ዋናው ካርታ ባንክ ነው» የሚለው ነው። ይህ እውነት ከሆነ ቤቱ በዋስትና ተይዟልና ባንኩ ሳይለቅ አይዞርም፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ካርታው ሌላ ገዢ ጋ ነው። በሁለቱም መንገድ ከባንኩ ደብዳቤ ሳያዩ አይቀጥሉ።

6. ፋይሉን ያስወጡ

ካርታ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ግን በሌላ ማስረጃ ሊፈርስ የሚችል ግምት ነው። ከመፈራረም በፊት ባለይዞታው (ወይም ሥልጣኑ ያለው ተወካይ) ከእርስዎ ጋር መሬት ቢሮው ቀርቦ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያስወጣ። ሻጩ «እኔ አመጣልሃለሁ» ካለ እሺ አይበሉ፤ አብረው ይሂዱ። ፋይሉን የሚያየውን ባለሙያ ከኮፒዎ ጋር እያመሳከረ እነዚህን እንዲመለከት ይጠይቁት፦ የካርታ ቁጥሩና የተሰጠበት ቀን አንድ ነው? በዚህ ፋይል ሌላ ስም ዝውውር ተጀምሯል? የፍርድ ቤት እግድ ወይም የባንክ ዋስትና ገብቷል? ቀሪ የሊዝ ክፍያ ስንት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ይረሳል። ያልተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ከቤቱ ጋር ስለሚመጣ ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

ጽሑፉ የሚናገረው የተጻፈበትን ቀን ብቻ ነው። ወር የሞላውን ይዘው አይፈራረሙ።

7. በውሉ ቀን

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ አለበት። ድሬዳዋ ላይ ይህን የሚሠራው የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ነው፤ ሐረር ላይ የክልሉ አካል። ውሉ ላይ የካርታ ቁጥሩን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ስፋቱን በካርታው መሠረት (200 እንጂ 250 አይደለም) እና አራቱን አዋሳኞች ያስጽፉ። ገንዘቡን በሲፒኦ ይዘው ቀርበው ሲፈራረሙ ይስጡ፤ ዋናውን ካርታም በዚያው ይቀበሉ።

ከዚያ ምሳ ሳይበሉ ወደ መሬት ቢሮ ይሂዱ። የተረጋገጠው ውል ሻጩንና እርስዎን ያስራል፤ ሦስተኛ ወገን ላይ የሚጸናው ግን በይዞታው መዝገብ ሲመዘገብ ነው። በውሉና በስም ዝውውሩ መካከል ያለው ክፍተት ነው ለሁለተኛ ሽያጭ በር የሚከፍተው፤ እርስዎ ቀድመው ገዝተው ሌላው ቀድሞ ካስመዘገበ፣ ቤቱ ቀርቶ ገንዘብዎን ለማስመለስ ሻጩን መክሰስ ይተርፍዎታል። ማመልከቻዎን መዝገብ ቤት አስገብተው የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በኮፒዎ ላይ ያስጽፉ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

በኮፒ መግዛት የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ «ስሙን ክረምቱ ሲያልፍ እናዞራለን» ማለት ነው፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ሻጩ ሊሞት፣ ሊፋታ ወይም ሊከሰስ ይችላል፣ ያን ጊዜ የሚገጥምዎት ወራሽ ወይም እግድ ነው። የግብር ደረሰኝን እንደ ባለቤትነት ማስረጃ መቁጠርም አለ። ደረሰኝ ማን እንደከፈለ እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ጥቅሙ በአምስተኛው ደረጃ እንዳየነው ጠቋሚነቱ ነው። የሰፈር ምስክሮች የፈረሙበትን የእጅ ውል «ለጊዜው» ብለው ገንዘብ የሚከፍሉም ብዙ ናቸው።

ቀብድ መስጠት ግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይሁን፣ ደረሰኙም የካርታ ቁጥሩን ይጥቀስ። ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሰው እጥፉን እንዲመልስ ሕጉ ያዛል፤ እጥፉን ግን የሚያገኙት ሻጩን ካገኙት ነው።